«ስንት ቫውቸር ልውሰድ?» ለምትሉ ጀማሪ ኦዲተሮች

እዚህ አዳማ ከጀማሪዎች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «ከቫውቸሩ ስንት ፐርሰንት ልውሰድ?» የሚል ነው። ልጆች፣ ፐርሰንቱን ተዉት።

አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ አለ እንበል። በዓመት 4,200 የክፍያ ቫውቸር አለው። ቁጥጥሩ የፋይናንስ ኃላፊው ከክፍያ በፊት ሰነዱን አይቶ መፈረሙ ነው። መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ፊርማው ከመቶ ስንቱ ላይ ቢጎድል ነው ይህን ቁጥጥር ማመን የማቆመው? 5 በመቶ አላችሁ እንበል። እርግጠኝነቱ 95 በመቶ ይሁን፤ ጉድለትም አትጠብቁ። ያኔ ለዚህ እርግጠኝነትና ለዜሮ ጉድለት የሚሠራውን ቁጥር፣ 3ን፣ ለ0.05 ማካፈል ነው፣ 60 ይመጣል (የኦዲት ናሙና ሠንጠረዡ 59 ይላል)። ቫውቸሩ 42,000 ቢሆንም መልሱ ያው 60 ገደማ ነው። «10 በመቶ» የሚለው ልማድ ግን መጀመሪያ 420፣ ቀጥሎ 4,200 ያስቆጥራችኋል፤ ያለ ጥቅም። 12 የባንክ ማስታረቂያ ብቻ ሲኖር ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ በሙያ ዳኝነት ጥቂት ወራት መርጦ ማየት ይበቃል።

የስታቲስቲክስ ናሙና የሚባለው በዕጣ ሲመረጥና ውጤቱም በዕድል ስሌት ሲለካ ነው። ቫውቸሩ ተከታታይ ቁጥር ካለው ኤክሴል ላይ `=RANDBETWEEN(1,4200)` እያወጣችሁ የተደገመውን ቁጥር መዝለል ይበቃል። በዳኝነት የሚመረጥ ናሙናም በዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድ 530 የተፈቀደ ነው። እኔም እጠቀምበታለሁ። የማልቀበለው እንደ ቅናሽ ሲታይ ነው። 25 ወስዳችሁ ሁሉም ንጹህ ቢሆን እንኳ፣ በዕጣ የተመረጡ ቢሆኑ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ማለት የምትችሉት «ጉድለቱ ከ11 በመቶ ገደማ አይበልጥም» ብቻ ነው። በዓይን የመረጣችሁት 25 ከዚህ የተሻለ አይነግራችሁም። ደግሞ እጃችን ትልልቅ ብር ያለበትን፣ ከሣጥኑ ላይ ያለውን ፋይል ነው የሚያነሳው። የቁጥጥር ጉድለት ግን ትንሿ ክፍያ ላይም ይደበቃል።

አሁን ከ60ው አንዱ ፊርማ የለውም እንበል። የነሐሴ ቫውቸር ነው፤ ኃላፊው ፈቃድ ላይ ነበሩ። «አንድ ብቻ ነው» ብላችሁ በሌላ እንዳትተኩት! በዚያች አንድ ጉድለት የጉድለቱ የላይኛው ወሰን ወደ 8 በመቶ ይጠጋል፣ 5 ያላችሁትን አልፏል። የጠፋ ቫውቸርም በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ካልቻላችሁ ጉድለት ነው፤ በአግባቡ የተሰረዘ ከሆነ ብቻ ይተካል። ከመጀመሪያው 1 በመቶ ያህል ጉድለት ጠብቃችሁ ቢሆን ናሙናው 93 ይሆን ነበር፣ አንድ ስህተት ቢገኝም አያስደነግጣችሁም።

ቀጥሎ በፈቃዱ ሳምንታት ማን እንደፈረመ ጠይቁ፣ የእነዚያን ሳምንታት ቫውቸሮች ለብቻ አውጥታችሁ እዩ። ግን ይህ የ60ውን ውጤት አይሰርዘውም። በቁጥጥሩ ላይ ያላችሁን እምነት ቀንሱና የክፍያዎቹን ራሳቸውን ፍተሻ አስፉ። 5 በመቶውን ለምን እንደመረጣችሁም ናሙናውን ከማውጣታችሁ በፊት ዎርኪንግ ፔፐሩ ላይ ጻፉት፤ ውጤቱን ካያችሁ በኋላ የሚጻፍ ወሰን ሁልጊዜ ለውጤቱ የሚመች ሆኖ ይገኛል።