የጤፍ፣ የስንዴ፣ የገብስና የማሽላ ንጽጽር በአንድ እንጀራ

«አንድ እንጀራ ስንት ፕሮቲን አለው? ከጤፍ፣ ከስንዴ፣ ከገብስና ከማሽላ የቱ ይሻላል?»

እንጀራውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ደረቅ ዱቄት ቁጠር። 1.5 ኪሎ የጤፍ ዱቄት አቡክተህ የተጋገረው በሙሉ 4 ኪሎ ቢመዝን፣ 320 ግራም የሚመዝን አንድ እንጀራ ውስጥ 120 ግራም ዱቄት አለ። ይህም ወደ 16 ግራም ፕሮቲን፣ 88 ካርቦሃይድሬትና 3 ግራም ስብ ነው። ብዙ ሰው የደረቁን ዱቄት የምግብ ይዘት ቁጥር ውሃ ባዘለው እንጀራ ክብደት ያባዛና 43 ግራም ፕሮቲን አገኘሁ ይላል።

በዚያው 120 ግራም ዱቄት ያልተነፋ ስንዴ ከጤፍ ብዙም አይለይም፤ ነጩ የፉርኖ ዱቄት ግን ወደ 12 ግራም ፕሮቲን ይወርዳል። ገብስ 12 ወይም 13 ይሰጣል። ማሽላ ወደ 10 ነው፤ እሱም ሲበስል ፕሮቲኑ ለመፈጨት ስለሚከብድ ሰውነት የሚያገኘው ከዚህም ያነሰ ነው። የሊጡ መቡካት ትንሽ ያግዘዋል። ካርቦሃይድሬቱ በአራቱም ከ86 እስከ 92 ግራም ስለሆነ በእሱ መምረጥ አይቻልም።

ቂጣ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ውሃው ከእንጀራ ስለሚያንስ፣ እኩል ክብደት ያለው ቂጣ ብዙ ዱቄት ይይዛል። ዘይት ከቀባኸው ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻውን 14 ግራም ስብ ይጨምራል።