አሬይና ሊንክድ ሊስት፦ O(n) እኩል ሆኖ ፍጥነቱ ለምን ተለያየ?

ጥያቄ፦ «C++ ነው የምሠራው። መሃል ላይ መሰረዝ ስለበዛብኝ ሊንክድ ሊስት መረጥኩ። መዞሩ በሁለቱም O(n) ነው፤ ታዲያ የኔ ለምን ይንቀረፈፋል?»

ወንድሜ፣ በዚህ ጉዳይ ሥራ ቦታ ብዙ ተከራክሬበታለሁ፤ አንተ እንኳ አትድከም።

1. ኖድህን ለካው። በ64 ቢት ማሽን ላይ የ`std::list<int>` አንድ ኖድ 24 ባይት ነው፦ ሁለቱ ፖይንተሮች 16፣ ቁጥሩ 4፣ ክፍተቱ 4። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ከሚሞሪ አንድ ቁጥር ብቻ ለይቶ አያመጣም። አብዛኞቹ ማሽኖች 64 ባይት ባንዴ ይጎትታሉ። በአሬይ በአንድ ጉዞ 16 ቁጥር ይመጣልሃል፤ ለሚሊዮን ቁጥር 62,500 ጉዞ ይበቃል። ኖዶቹ ከተበታተኑ ግን ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ጉዞ ሊሆን ይችላል።

2. ከጉዞው በላይ የሚያቃጥለው ጥበቃው ነው። በአሬይ ቀጣዩ አድራሻ ስለሚታወቅ ፕሮሰሰሩ ቀድሞ ያመጣዋል። በሊስት ግን የቀጣዩ አድራሻ የተጻፈው ኖዱ ውስጥ ነው። ቁጥር በሌለው ሰፈር ከቤት ቤት እየጠየቁ እንደመሄድ ነው። ቅርብ ካሽ ውስጥ ያለ ነገር በ1 ናኖሰከንድ አካባቢ ይደርሳል፤ ዋናው ሚሞሪ ግን 100 ገደማ ይፈጃል።

3. «መሰረዝ O(1) ነው» የሚለውን ተወው። የሚሰረዘውን እስክታገኝ ከጫፍ ጀምረህ ትሄዳለህ፤ ዋጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ በሰዓት የተደረደረ የትዕዛዝ ዝርዝር ነበረን። ወደ አሬይ እንቀይረው ስል ሲኒየሩ ሰው ፊት «ዳታ ስትራክቸር እንደገና ተማር» አለኝ። እስካሁን ያናድደኛል! ሲኒየሩ «ማስረጃዬ» ብሎ ያቀረበው የራሱን ሙከራ ነበር። በባዶ ፕሮግራም ሚሊዮን ኖድ ተራ በተራ ፈጥሮ ዞረበት፤ ልዩነቱ ትንሽ ሆነ። ተራ በተራ ሲፈጠሩ እኮ ሚሞሪ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ሲጨመርና ሲሰረዝ የዋለ እውነተኛ ፕሮግራም እንደዚያ አይደለም። እኔ እንዲህ አደረግኩት፦

```
for (int i = 0; i < n; ++i)
    lst.push_back(rand());
lst.sort();
```

የሊስት `sort` ኖዶቹን ከቦታቸው አያነሳም፤ ፖይንተሮቹን ብቻ ያቀያይራል። ስለዚህ አሁን ሊስቱን ስትዞር ሚሞሪውን ወዲያና ወዲህ ትዘላለህ። `n`ን ከካሽህ እንዲበልጥ አድርገው። ከዚያ ዙሩን ብቻ በሰዓት ለካ። አጠቃላዩን ደግሞ በዚህ እየው፦

```
perf stat -e cycles,cache-misses ./test
```

ሊስቱ ላይ `cache-misses` ሲያሻቅብ ስብሰባው ጸጥ አለ። ኮዴ ገባ፤ ዛሬም እየሠራ ነው።

አሬይ ላይ ስትሰርዝ የኋላዎቹ አንድ አንድ ቦታ ይጠጋሉ። ለትናንሽ ቁጥሮች ይህ በተከታታይ ሚሞሪ ላይ የሚካሄድ ፈጣን ቅጂ ነው። እያንዳንዱ ዕቃህ ትልቅ ከሆነ፣ ወይም የሚሰረዘውን ኖድ ፖይንተር አስቀድመህ ይዘህ መፈለግ ካላስፈለገህ፣ ሊስትህን አትንካው።