ገበሬዋ ለምን ሁለት ሆነች? ስለ ኢሞጂ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጠቆር ያለችዋን ሴት ገበሬ 👩🏾‍🌾 ለእናቴ ላክሁላት። በእሷ ስልክ ላይ ግን ሴትዮዋ ለብቻ፣ ዛላው ለብቻ ሆኖ ታየ። ኢሞጂው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ እህቴ። ለፊደልና ለኢሞጂ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ «ሴት ገበሬ» የሚባል አንድ ቁጥር የለም። የላክሽው አራት ቁጥር ተደርድሮ ነው፦

```
U+1F469 U+1F3FE U+200D U+1F33E
```

በቅደም ተከተል ሴት፣ የቆዳ ቀለም፣ ለብቻው የማይታይ ማያያዣ፣ ከዚያ ዛላ። (ስንዴ ይመስላል እንጂ በስሙ ሩዝ ነው።) ማያያዣው ስልኩን «ግራና ቀኜን አንድ ሥዕል አድርግ» ይለዋል። የእናትሽ ስልክ ፎንት ውስጥ ግን ለዚህ ድርድር የተሣለ ሥዕል የለም፤ ስለዚህ ያለውን በየራሱ አሳየ። ስልኩ ከታደሰ ያው የድሮ መልእክት ገበሬዋን ያሳያል።

ሌላ አባል፦ ልክ ነው፤ ቀለሙንም የትም ብታስገቢው ይሠራል።

መልስ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ቀለሙ ከሰው ቁጥር ቀጥሎ፣ ከማያያዣው በፊት መግባት አለበት። ከዛላው ኋላ ካስገባሽው ዛላው ሰው ስላልሆነ ቀለሙን አይቀበልም፤ አጠገቡ ቡናማ ካሬ ይታያል። እንዲህ ያለ ካሬ ካየሽ ቅደም ተከተሉ እንደተዛባ ጠርጥሪ።

ጥያቄ፦ ቀለሞቹ ለምን አምስት ብቻ ሆኑ?

መልስ፦ የተወሰዱት የቆዳ ሐኪሞች ከሚጠቀሙበት የፊትዝፓትሪክ መለኪያ ነው። እሱ ስድስት ደረጃ አለው፤ ዩኒኮድ በ2015 ሲያስገባቸው ሁለቱን ነጣ ያሉትን አንድ አደረጋቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ ያለው ችግር ሌላ ነው። የተጠቃሚ ስም 6 ላይ እንቆርጣለን፤ አንዳንዱ መጨረሻው � ይሆናል። ዳታቤዙ ይሆን?

መልስ፦ ዳታቤዙ ላይሆን ይችላል፤ መጀመሪያ መቁረጫውን እይ።

```js
"👩🏾‍🌾".length      // 7
"👩🏾‍🌾".slice(0, 6)
```

ጃቫስክሪፕት ሴቷን 2፣ ቀለሙን 2፣ ማያያዣውን 1፣ ዛላውን 2 ብሎ ይቆጥራል። 6 ላይ ስትቆርጥ ዛላውን ለሁለት ሰነጠቅኸው፤ ግማሹ � ሆነ። 5 ላይ ብትቆርጥ ደግሞ ይብሳል፤ ምንም ስሕተት አይታይም፣ ግን መጨረሻው ላይ ማያያዣ ተንጠልጥሎ ይቀራል። `Intl.Segmenter` ሰው በሚያየው ልክ ስለሚቆጥር በእሱ ቁረጥ።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡን 👨‍👩‍👧‍👦 እንደ እኛ ጠይም ማድረግ ይቻላል? ወይስ ዩኒኮድ ከልክሏል?

መልስ፦ አልከለከለም። ከእያንዳንዱ ሰው ኋላ ቀለም መጻፍ ትችያለሽ፤ የሚሥለው ፎንት ግን እምብዛም አታገኚም። አራቱም ሰው እያንዳንዱ ከአምስት ቀለም አንዱን ሊይዝ ስለሚችል፣ ለዚህ አንድ ቤተሰብ ብቻ 5×5×5×5 = 625 ሥዕል ይሆናል። ማይክሮሶፍት በ2016 ዊንዶውስ 10 ላይ ሞክሮታል። በ2023 ዩኒኮድ ቀለምም ጾታም የሌላቸው የቤተሰብ ጥላዎች ጨመረ።

ጥያቄ፦ ጥላ እኮ እኛን አይመስልም።

መልስ፦ እኔም አልወደድኩትም። ቢሆንም 625ቱን ማን ይሣል?