ከግጥሚያው ሃያ ደቂቃ በፊት፦ ስለ ሬስት ሞድና በስውር ስለሚወርድ አፕዴት ጥያቄና መልስ

ከጓደኞቼ ጋር በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ የኦንላይን ግጥሚያ የማዘጋጅ ሰው እንደመሆኔ፣ «መስመሬ ልክ ግጥሚያው ሊጀመር ሲል ተበላሸ» የሚል ቅሬታ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ዛሬ የምመልሰው በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ የመጡትን ጥያቄዎች ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ፒንጌ ሁልጊዜ 130 አካባቢ ነው። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ግጥሚያ ነበረኝ፤ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው 480 ገባ። በእኔ ኮንሶል ላይ የሚወርድ ነገር አልነበረም። ታናሽ ወንድሜም ፕሌይስቴሽን 5 አለው፣ ግን ተዘግቶ ነበር። የቤታችን መስመር 10 ሜጋ ነው።

መልስ፦ ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የወንድምህ ኮንሶል መብራት ጨርሶ ጠፍቶ ነበር ወይስ ብርቱካናማ ነበር?

ጠያቂው፦ ብርቱካናማ ነበር። አሁን ከፍቼ ሳየው 14 ጊጋ የሚሆን አፕዴት ግማሽ ላይ ደርሷል።

መልስ፦ እንግዲያው አልተዘጋም ነበር፤ ሬስት ሞድ ላይ ነበር። መብራቱ ኮንሶሉ እያወረደም ሆነ ሥራ ፈትቶ ያው ብርቱካናማ ስለሆነ፣ እርሱን በማየት ብቻ ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። 14 ጊጋ በ10 ሜጋ መስመር ላይ ማንም ሳይሻማው እንኳ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ማውረዱ የጀመረው ማታ 2 ሰዓት ከ40 ላይ ከሆነ ግጥሚያችሁን በሙሉ አብሯችሁ ይዘልቅ ነበር ማለት ነው።

ጨዋታው ራሱ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ከ1 ሜጋ በታች ስለሆነ፣ «የእኔ ድርሻ እንዴት ጠፋ?» ብለህ ልትገረም ትችላለህ። የጠፋው ድርሻህ አይደለም፣ ተራህ ነው። አፕዴት የሚያወርድ ኮንሶል መስመሩ የሚችለውን ያህል እስኪሞላ ድረስ ይጎትታል፤ ከመስመሩ አቅም በላይ የመጣው ደግሞ በመስመሩ ጫፍ ባለው መሣሪያ ውስጥ ይሰለፋል፣ የአንተ ጨዋታ ትናንሽ መልእክቶችም ከዚያ ሰልፍ መጨረሻ ይቆማሉ። በ10 ሜጋ መስመር ላይ 440 ኪሎባይት ያህል ከፊትህ ከተሰለፈ 350 ሚሊ ሴኮንድ ትጠብቃለህ። በ130 ላይ ደምረው፤ ያየኸው 480 ይመጣል። መስመሩ ሳይቋረጥና ፊልም ሳይቆም ጨዋታው ብቻ የማይቻል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፊልም አስቀድሞ ስለሚያከማች ሰልፉ አይሰማውም።

ሌላ አባል፦ መፍትሔው እኮ ቀላል ነው። Stay Connected to the Internet የሚለውን በሁሉም ኮንሶል ላይ አጥፉት። እኔ ካጠፋሁት ዓመት አልፎኛል፣ አንድም ቀን አልተቸገርኩም።

መልስ፦ ለወንድሙ ኮንሶል ምክርህ ትክክል ነው። ቦታውም Settings > System > Power Saving > Features Available in Rest Mode ውስጥ ነው። ተጫዋቹ በሚጠቀምበት ኮንሶል ላይ ግን ይህን ማድረግ ችግሩን አያጠፋውም፤ ከሌሊት አንሥቶ ወደ ግጥሚያው ሰዓት ያመጣዋል። ኮንሶሉ ተኝቶ ሳለ ከኢንተርኔት ከተቆረጠ አዲስ አፕዴት መውጣቱን የሚያውቀው ስታበራው ነው፤ የምታበራው ደግሞ ግጥሚያ ሲደርስ ነው። የኦንላይን ጨዋታ አሮጌ ቅጂ ይዞ ስለማያስገባ «በኋላ አወርደዋለሁ» ማለትም አትችልም። በእኛ ውድድር ላይ ሰው በፎርፌ ሲሸነፍ ካየሁባቸው ጊዜያት የሚበዙት እንዲህ ዓይነት ናቸው፤ ፒንግ አይደለም ያሸነፋቸው፣ ማታ 2 ሰዓት ከ50 ላይ የተገለጠ የ6 ጊጋ አፕዴት ነው።

ያው አባል፦ እኔን ግን እንዲህ ገጥሞኝ አያውቅም አልኩህ እኮ።

መልስ፦ አምንሃለሁ። ምናልባት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ ጨዋታ ብቻ ስለምትጫወት አፕዴቱ ሁልጊዜ ግጥሚያ በሌለበት ሰዓት ይይዝሃል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሚያበራ ሰው ግን ልማድህ አይሠራለትም።

የእኔ አሠራር የሚከተለው ነው። በራሴ ኮንሶል ላይ ሬስት ሞዱ ሌሊቱን ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ ይቆያል፤ Settings > Saved Data and Game/App Settings > Automatic Updates ውስጥ ያሉት Auto-Download እና Auto-Install in Rest Mode ሁለቱም በርተዋል። በግጥሚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሲቀረኝ፣ ኮንሶሉን አበራና የጨዋታውን ምስል መርጬ በ Options ቁልፍ Check for Update እለዋለሁ። ከዚያ ጨዋታውን ከፍቼ እስከ ኦንላይን ማውጫው ድረስ እገባለሁ፤ ከውስጥ የሚወርዱ ተጨማሪ ፋይሎች ያሏቸው ጨዋታዎች ስላሉ Check for Update ብቻውን አይበቃም። ከዚያ በኋላ ኮንሶሉን ወደ ሬስት ሞድ አልመልሰውም፤ ወይ በርቶ ይቆያል፣ ወይ ጨርሶ ይዘጋል። የቤቱ ሌሎች ኮንሶሎች በ Turn Off PS5 ይዘጋሉ። ለመዝጋት የሚያስፈልገው ከቤተሰብ ጋር መስማማት እንጂ የቴክኒክ ችሎታ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚከብደው ግን እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ልጆቹ ማታ ሲተኙ ማሽኑን ከሶኬቱ ነቅዬ ነው የማድረው፣ መብራት እንዳይቆጥርብኝ ብዬ። ልጄ «አፕዴቴን አበላሸሽብኝ» እያለ ያኮርፋል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ በከፊል እውነቱን ነው። መብራቱ ብርቱካናማ ሳለ ከሶኬት ከነቀሉት ምናልባት የወረደውን እየጫነ ባለበት ቅጽበት ይሆናል የቆረጡት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲበራም በትክክል አለመዘጋቱን ገልጦ ማከማቻውን ሲመረምር ያዩታል። መብራቱ ጨርሶ ከጠፋ በኋላ መንቀል ግን ምንም አይጎዳውም። ስለዚህ ልጁ ከመተኛቱ በፊት በሚገባ እንዲዘጋው ያድርጉ፣ ከግጥሚያው በፊት ባለው ሌሊት ብቻ ደግሞ ይተዉለት።

ጥያቄዎ ያስታወሰኝ ሌላ ነገር አለ። ሌሊት መብራት ሄዶ ከመጣ ፕሌይስቴሽን 5 በራሱ ወደ ሬስት ሞድ አይመለስም፤ ጠፍቶ ያድራል። «ሌሊቱን ሲያወርድ አድሯል» ብሎ የተማመነ ሰው አፕዴቱን ሳይጨርስ ያገኘዋል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ አብርቶ ማየትን የማልተወው በዚህም ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ማውረዱን እንዴት ነው የማፈጥነው? ዲኤንኤስ ቀይር ይሉኛል።

መልስ፦ እዚህ የምንነጋገረው ማውረድን ስለማፍጠን ሳይሆን በማይፈለግበት ሰዓት ስለማቆም ነው። መስመርህ ሞልቶ ከሆነ ዲኤንኤስ መቀየር አይጠቅምህም።

ጥያቄ፦ ኤክስቦክስ ላይስ?

መልስ፦ ነገሩ ያው ነው፣ ስሙ ግን Sleep ይባላል። Settings > General > Power options ውስጥ Shutdown ን ከመረጥክ ስትዘጋው ይዘጋል፤ አዳዲሶቹ ኤክስቦክሶች ግን እንዲህም ሆነው አፕዴት ለማውረድ ሌሊት ራሳቸው ሊነሡ ይችላሉ። ጨዋታ ክፍት ሳለ ኤክስቦክስ የሚያወርደውን ነገር ፍጥነት ይቀንሳል፣ ነገር ግን አያቆመውም፤ በጠባብ መስመር ላይ የተቀነሰውም ይሰማል። ስለዚህ My games & apps ውስጥ ገብተህ Queue የሚለውን ተመልከትና የሚወርድ ካለ ራስህ አቁመው። ደግሞም ይህ የሚቀንሰው በዚያው ኮንሶል ላይ ያለውን ማውረድ ብቻ ነው፤ በሌላ ክፍል ያለው ኮንሶል አንተ ግጥሚያ ላይ መሆንህን አያውቅም።

ጥያቄ፦ እኔ ሪያድ ነው የምኖረው፣ 300 ሜጋ ፋይበር አለኝ። አዲስ አበባ ካለው የአክስቴ ልጅ ጋር ዓርብ ዓርብ እንጫወታለን። እርሱ ሁሌ «ያንተ ኮንሶል እያወረደ ነው» ይለኛል። ዘጋሁ፣ ነቀልኩ፣ ምንም ለውጥ የለም።

መልስ፦ በአንተ መስመር 14 ጊጋ ስድስት ደቂቃ ከሩብ ገደማ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ጨዋታው ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲንገላታ ከቆየ አንድ የአንተ አፕዴት ሊያስረዳው አይችልም። የአክስትህ ልጅ መጀመሪያ የራሱን ቤት ይፈትሽ፤ ሲፈትሽም የሚወርደውን ብቻ ሳይሆን የሚላከውንም ይመልከት። በብዙ መስመሮች የመላኪያው አቅም ከማውረጃው ያነሰ ስለሆነ፣ ከግጥሚያ በኋላ የተቀዳ ቪዲዮ በራሱ የሚልክ ኮንሶል ወይም ፎቶ የሚያስቀምጥ ስልክ መስመሩን በቀላሉ ይሞላዋል።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ከምጣላ ራውተሩ ላይ ልገድበው አልችልም?

መልስ፦ ራውተርህ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የፍጥነት ጣሪያ የሚያበጅ ከሆነ ትችላለህ፤ በብዙ ራውተሮች ላይ Bandwidth Control ወይም QoS በሚል ስም ታገኘዋለህ። ለወንድምህ ኮንሶል ከ10 ሜጋው 5 ወይም 6 ብትፈቅድለት ሰልፉ አይፈጠርም፣ እርሱም ማውረዱን አይተውም። ጣሪያውን ስታበጅ ግን በወረቀት ላይ ያለውን 10 ሳይሆን ማታ 3 ሰዓት ላይ የምትለካውን ተከተል፤ ማታ የምታገኘው 6 ሜጋ ብቻ ከሆነ የ6 ሜጋ ጣሪያ ምንም አይገድብም። ለወንድምህ ሳትነግረው ማድረግህን ግን አልመክርም፤ ሲያውቅ ራውተሩን ራሱ ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አደረግሁ። የቤቱን ኮንሶሎች፣ ስልኮች፣ ቴሌቪዥኑን ሁሉ ዘጋሁ። አሁንም ማታ 3 ሰዓት ላይ ፒንጌ ይዘላል። ኮንሶሉ ተደብቆ እያወረደ ይሆን?

መልስ፦ ኮንሶሉን ጨርሰህ ዝጋና በዊንዶውስ ላፕቶፕ በዚያው ሰዓት እነዚህን ሁለት ትእዛዞች ሞክር፤ የመጀመሪያው ቁጥር የራውተርህ አድራሻ ነው፣ የአንተ ከተለየ የአንተን አስገባ፤ ሁለተኛው ከቤትህ ውጭ ያለ የጉግል ሰርቨር ነው።

```
ping -n 50 192.168.1.1
ping -n 50 8.8.8.8
```

እስከ ራውተሩ ያለው ራሱ የሚዘል ከሆነ ችግሩ ዋይፋይህ ነው፤ ኮንሶሉን በኬብል አገናኘው። እስከ ራውተሩ 2 ወይም 3 ሚሊ ሴኮንድ ሆኖ ሁለተኛው ብቻ ከዘለለ፣ በቤትህም በእርግጥ ምንም ካልተገናኘ፣ ሰልፉ ያለው ከቤትህ ውጭ ነው፤ ያን ደግሞ የትኛውም የኮንሶል ማስተካከያ አያስተካክለውም። ውጤቱን በተለያዩ ሦስት ምሽቶች ለክተህ ከጠዋቱ ጋር አስተያይተህ አምጣው፤ ከዚያ በፊት ኮንሶሉን ጥፋተኛ አላደርገውም።

ጠያቂው፦ ዛሬ ማታ ለካሁት። እስከ ራውተሩ 4፣ ሁለተኛው ደግሞ አንዳንዴ 95፣ አንዳንዴ 310 ይላል። የጎረቤታችን ልጅ ግን የዋይፋያችንን የይለፍ ቃል ያውቃል፣ ፕሌይስቴሽንም አለው።

መልስ፦ እንግዲያው የይለፍ ቃሉን ቀይረህ ነገ ማታ እንደገና ለካ።