ኢሜይሉ ሲረዝም ሪክሩተሯን ለአጭር ስልክ እንዴት እንጠይቃት? ጥያቄና መልስ

በሠራተኛ ምልመላ ሥራ ላይ ዓመታት አሳልፌአለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያቀርቡ ኢሜይሎችን ብዙ ተቀብያለሁ። የምትፈልጉትን ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጀማሪዋ፦ ከሪክሩተሯ ጋር ስንጻጻፍ ሳምንት አለፈ። መቼ እንደምጀምር፣ ስንት ቀን ከቤት እንደምሠራ፣ ደሞዙ አበልን ያካትት እንደሆነ... አንዱ ሲመለስ ሌላው ይነሳል። በስልክ እንጨርሰው ብል ነውር ነው? እንዴትስ ልጻፈው?

መልስ፦ ምንም ነውር የለውም። ደግሞ የአንቺ ጉዳይ ለስልክ የሚመች ነው። ስለረዘመ ብቻ አይደለም፣ ሦስቱ ጥያቄዎች ስለተሳሰሩ ነው። ከቤት የምትሠሪው ቀን ከበዛ የትራንስፖርት አበሉ ሊቀንስ ይችላል። አበሉ ሲቀንስ ደግሞ ደሞዙን እንደገና ማየትሽ አይቀርም። በኢሜይል አንድ በአንድ ሲሄድ የዛሬው መልስ የትናንቱን ያፈርሰዋል።

አዲስ ኢሜይል አትክፈቺ። የመጨረሻው መልእክቷ ላይ መልሺ፣ ታሪኩ ከሥር አብሮ እንዲሄድ። እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦

«ሰላም፣ ለጥያቄዎቼ በትዕግሥት ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። የቀሩን ሦስት ነጥቦች እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ በስልክ ብንነጋገር ቶሎ የምንጨርሳቸው ይመስለኛል። እነሱም ሥራ የምጀምርበት ቀን፣ ከቤት የምሠራባቸው ቀናት እና አበሉ በደሞዙ ውስጥ መካተት አለመካተቱ ናቸው። ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። ማክሰኞ ከሰዓት ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ወይም ረቡዕ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይመቸኛል። ለእርስዎ የሚሻል ሌላ ሰዓት ካለ ይንገሩኝ። ስልክ ቁጥሬ ከታች አለ። በኢሜይል መቀጠል ከመረጡም ደስ ይለኛል።»

እዚህ ውስጥ ዋናው ሦስቱን ነጥቦች የዘረዘርሽበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው «ለአንዳንድ ጥያቄዎች ብንደዋወል» ብሎ ይተወዋል። ሪክሩተሯ ግን አብዛኛውን ነገር ብቻዋን አትወስንም። ከቤት የሚሠራበትን ቀን የሚፈቅደው የክፍሉ ኃላፊ ነው። አበሉን ለማወቅም ሌላ ክፍል ትጠይቃለች። ነጥቦቹን ቀድማ ካየች መልሱን ይዛ ትደውላለች። ካላየች ስልኩ «ጠይቄ ልመለስብሽ» በሚል ያልቃል፣ ወደ ኢሜይሉም ትመለሳላችሁ።

«እስካሁን ግልጽ አልሆነልኝም» የሚል አረፍተ ነገር ግን አታስገቢ። አንቺ በቅንነት ብትጽፊውም እሷ ጋ ሲደርስ ወቀሳ ይመስላል። ሰዓት ስትሰጪም ሌላ አገር ያለች ከሆነ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ጻፊ።

ቸኮል፦ ይሄ ሁሉ ለምን? ቁጥሯ ኢሜይሏ ግርጌ ላይ አለ። በቀጥታ መደወል ነው። በራስ መተማመንም ያሳያል።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። ቁጥሩ እዚያ የተቀመጠው እንዲደወልበት ነው። ለቃለ መጠይቅ እየሄድክ መንገድ ላይ ከተያዝክ፣ ወይም የቅጥር ደብዳቤውን የምትመልስበት ቀን ዛሬ ከሆነ፣ ሳትጠይቅ ደውል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ግን አይሆንም። ስትደውል እሷ ከሌላ አመልካች ጋር ልትሆን ትችላለች። ብታነሳውም የአንተ ፋይል ፊቷ ላይ አይደለም። በአንድ ጊዜ ብዙ ክፍት ቦታ የያዘ ሰው ድንገት ሲጠየቅ እንዳይሳሳት ብሎ የተድበሰበሰ መልስ ይሰጣል። ያ መልስ ደግሞ ለአንተ አይጠቅምህም።

ሮቤል፦ እኔም ጠይቄ እምቢ ተብያለሁ። ቃለ መጠይቁን በአካል ከማደርግ በስልክ ይሁንልኝ ብዬ ነበር።

መልስ፦ ያንተ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ወንድሜ። እዚህ የምናወራው ተጻጽፎ ያላለቀን ነገር በስልክ ስለመጨረስ ነው። የቃለ መጠይቁን መንገድ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ጠያቂው ቡድን ነው። ሁሉንም አመልካች በአንድ ዓይነት መንገድ ማየት ስለሚፈልጉ እምቢ ማለታቸው ስለ አንተ ብዙ አይናገርም።

ዝምተኛዋ፦ እኔ የምፈራው ስልክ ላይ «ስንት ትፈልጊያለሽ?» ብትለኝ ነው። በጽሑፍ ሲሆን አስቤ እመልሳለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትሽ ተገቢ ነው፣ ያጋጥማልም። አንቺ ስለ መጀመሪያ ቀን ልትጠይቂ ትደውያለሽ፣ እሷ ደሞዙን ታነሳለች። ከመደወልሽ በፊት የምትቀበይውን ዝቅተኛ መጠን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፊትሽ አስቀምጪ። ካልተዘጋጀሽ «አበሉንና ሌላውን ጥቅም አንድ ላይ አይቼ ነገ በኢሜይል ባሳውቅዎት ይሻላል» በይ። ይህን ብለሽ ዝም በይ። ዝምታውን ለመሙላት ቁጥር መጥራት ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው።

የቀረው ጉዳይ የደሞዝ ቁጥር ብቻ ከሆነና በጽሑፍ የተሻለ የምትከራከሪ ከሆነ፣ ስልክ አትጠይቂ። ኢሜይሉ ለአንቺ ይሻላል።

አቶ መ.፦ እኔ በስልክ ተነጋግሬ ነበር። ሳምንት ውስጥ ሁለት ቀን ከቤት ትሠራለህ ተባልኩ። ደብዳቤው ሲመጣ የለም። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ካልፈረሙ አሁኑኑ ይጻፉላት። የተነጋገራችሁበትን ቀን ይጥቀሱና «በዕለቱ ስለ ሁለቱ ቀናት ተነጋግረን ነበር፣ ደብዳቤው ላይ ስላላየሁት ቢካተትልኝ» ይበሉ። ረስታው ሊሆን ይችላል። ኃላፊው ሳይፈቅድ ተናግራም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ከመልሷ ያውቃሉ። «አስተካክላለሁ» ካለች ረስታ ነው። «ከቡድኑ ጋር ትስማማላችሁ» ካለች ግን ፈቃዱ ገና አልተገኘም ብለው ይያዙት። ፈርመው ከሆነ ግን የሚያስገድዷት ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ለሌሎቻችሁም፦ ስልኩ በተዘጋ በዚያው ቀን፣ በዚያው የኢሜይል ተከታታይ ላይ አጭር ማጠቃለያ ላኩ። «ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ። እንደተነጋገርነው በወሩ መጀመሪያ እጀምራለሁ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከቤት እሠራለሁ፣ የትራንስፖርት አበሉ ከደሞዙ ውጭ ነው። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።» ደብዳቤው ተፈርሞ እጃችሁ ሳይገባ አሁን ካላችሁበት ሥራ አትልቀቁ።

ሃና፦ ይሄ ማጠቃለያ አላመንኩሽም እንደማለት አይሆንም? እኔ ልኬ መልስ የሚባል አላገኘሁም። በጽሑፍ መያዝ የማይፈልጉ አሉ።

መልስ፦ አሉ፣ ልክ ነሽ። እኔ ሲላክልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ማስታወሻ ከመጻፍ ያድነኛል። ሁሉም ግን እንደ እኔ አያስብም። ዝም ስትል መስማማቷ ነው ብሎ መውሰድም አይቻልም። እኔ ብሆን መላኩን አልተውም፣ ማረጋገጫ የምፈልገው ግን ደብዳቤው ላይ ነው። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ግን ማጠቃለያውን ሪክሩተሯ ናት መጻፍ ያለባት ይላሉ።

ቢንያ፦ እንዲህ ብዬ ጠየቅኩ። ሁለት የሥራ ቀን ሆነ፣ ዝም። ልደግም?

መልስ፦ የስልኩን ጥያቄ አትድገመው። ሌላ ጉዳይ መልሳልህ ስልኩን ዘልላው ከሆነ በትህትና እምቢ ብላለች ማለት ነው። ጭራሽ ካልመለሰች ምናልባት ከኃላፊው መልስ እየጠበቀች ነው። በሁለቱም ሁኔታ ጥያቄዎችህን 1፣ 2፣ 3 ብለህ አንድ አንድ መስመር አድርገህ ላክ፣ ከየጥያቄው ሥር የምትመርጠውን ጻፍ። «መጀመሪያ ቀን፦ የወሩ 1ኛ ቀን ይመቸኛል» ዓይነት። ያን ጊዜ እሷ በየመስመሩ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ብላ ብትመልስልህ ይበቃል።