አንድ ኪሎ ቡና ለስንት ቀን? በእርግዝና ወቅት የሲኒው ሒሳብ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እኛ ቤት ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ ከአቦል እስከ በረካ አብሬ እጠጣለሁ። ጎረቤቴ ፅንሱን ይጎዳል ተዪው አለችኝ፤ አማቴ ደግሞ እኛ ሁላችንንም በቡና ነው የወለድነው ይላሉ። ሰሞኑን ማታ ማታ ቃር ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍም እንቢ ብሎኛል። ልተወው?»

መልስ፦ መተው የለብዎትም፤ የማታውን ጀበና ግን ይቀንሱ። ምክንያቱን በቤትዎ ቡና እናስላው።

ብዙዎቹ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ማኅበራት ለነፍሰ ጡር ሴት የሚያስቀምጡት ጣሪያ በቀን 200 ሚሊግራም ካፌይን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል። ችግሩ እነዚህ ቁጥሮች ለሲኒ ተብለው የተሠሩ አለመሆናቸው ነው። «ሁለት ኩባያ ቡና» ሲባል ስለ ትልቅ ኩባያ እየተነገረ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ሲኒ ትንሽ ነው፣ ከአንድ ጀበናም ሦስት ጊዜ ይቀዳል። ስለዚህ ሲኒ ከመቁጠር ይልቅ ቤት የገባውን ቡና መቁጠር ይሻላል።

የእኛ ቡና፣ የዘጌውም ሆነ ከሌላ አካባቢ የሚመጣው፣ አረቢካ የሚባለው ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ውስጥ በአማካይ 12 ግራም ያህል፣ ማለትም 12,000 ሚሊግራም ካፌይን አለ። ሲቆላ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰው ግን በአብዛኛው ውሃው ስለሆነ ካፌይኑ ብዙም አይነካም። እንግዲህ አንድ ኪሎ ቡና አሥር ቀን ይበቃችኋል እንበል። በቀን ሦስት ጊዜ ከተፈላ ሠላሳ ጀበና ይሆናል፤ 12,000ን ለ30 ስናካፍል ለአንድ ጀበና 400 ሚሊግራም ይደርሳል። ጠጪዎቹ አምስት ከሆናችሁና ሁላችሁም እስከ በረካ ከቆያችሁ ለአንድ ሰው ከአንድ ጀበና 80 ሚሊግራም ይደርሰዋል። በቀን ሦስት ጊዜ ሲሆን 240 ይሆናል፤ ከጣሪያው በጥቂቱ አልፏል ማለት ነው። ጥቂት ካፌይን ከአተላው ጋር ስለሚቀር እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ትንሽ ያንሳል፤ ለጥንቃቄ ግን ሁሉንም ይቁጠሩ። ኪሎው አምስት ቀን ብቻ የሚቆይበት ቤት ከሆነ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፤ ሃያ ቀን የሚያቆይ ቤት ደግሞ ከጣሪያው በታች ነው። በቀን የሚጠጡት ሻይ ካለም ለአንድ ኩባያ 40 ሚሊግራም ገደማ ይደምሩበት።

ካፌይን በሙቅ ውሃ በቀላሉ ስለሚወጣ ከግማሽ በላዩ በአቦሉ ይወርዳል። ቶናው የቀረውን ይወስዳል፤ በረካው ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ይህ ለእርስዎ መልካም ዜና ነው፤ ማታ ከረከቦቱ መራቅ ሳያስፈልግዎት አቦሉንና ቶናውን አሳልፈው በረካውን ብቻ ቢጠጡ የቀኑ ድምር ወደ 170 ገደማ ይወርዳል። አማትዎም ጀበናው ሳይጠጣ ቀረ ብለው አያዝኑም።

ሰውነትዎ ቡናውን የሚያስወግድበት ፍጥነት በእርግዝና ይቀየራል። እርጉዝ ያልሆነ አዋቂ ከጠጣው ካፌይን ግማሹን በአምስት ሰዓት ገደማ ያስወግዳል። በእርግዝና ጊዜ ግን ካፌይኑን የሚፈጨው የጉበት ኢንዛይም ሥራው ይቀንሳል፤ በመካከለኛዎቹ ወራት ግማሹን ለማስወገድ አሥር ሰዓት ገደማ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት አሥራ አምስትና ከዚያም በላይ ሰዓት ይወስዳል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ዙር የጠጡት ቡና ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ደምዎ ውስጥ አለ፤ በዚያ ላይ ከቀኑ የተረፈው ይጨመርበታል። ካፌይን የሚሠራው አንጎል ውስጥ «ደክሞሃል፣ ተኛ» የሚለውን መልእክት የሚያደርሰውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ቦታ በመያዝ ነው። እንቅልፍ እንቢ ያለዎት ለዚህ ሊሆን ይችላል። ካፌይን በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ፅንሱም ሆነ የእንግዴ ልጁ ይህ ኢንዛይም ስለሌላቸው የሚያስወግዱለት እርስዎ ብቻ ነዎት። ጣሪያው የተቀመጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ጉዳቱ ምን ያህል ተረጋግጧል? ብዙ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች ልጆች ሲወለዱ ክብደታቸው ትንሽ የማነስ፣ የፅንስ መጨንገፍም የመብዛት አዝማሚያ በተደጋጋሚ ታይቷል። ይሁን እንጂ እነዚህ ጥናቶች ሴቶችን ከመከታተል የተገኙ ናቸው፤ አንድ ወጥመድም አለባቸው። እርግዝናው በደንብ የያዘላት ሴት በመጀመሪያዎቹ ወራት ማቅለሽለሽ ይበዛባታል፤ የቡና ሽታም ስለሚያስጠላት ትተወዋለች። ሊጨነግፍ ባለ እርግዝና ግን ማቅለሽለሹ ቀለል ስለሚል ሴትየዋ ቡናዋን እንደወትሮው ትጠጣለች። ስለዚህ ቡናው አስጨንግፎ ነው ወይስ እርግዝናው መጀመሪያውኑ ስላልጸና ቡናው አላስጠላትም የሚለውን መለየት ከባድ ነው። በዴንማርክ በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ይህን ወጥመድ ለማለፍ ሞክሯል። በቀን ቢያንስ ሦስት ኩባያ ቡና የሚጠጡ 1,200 ገደማ ነፍሰ ጡሮች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ካፌይን ያለው፣ ግማሾቹ ካፌይኑ የወጣለት ቡና ተሰጣቸው። በሕፃናቱ ክብደትም ሆነ በእርግዝናው ርዝመት የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ የጀመረው በእርግዝናው አጋማሽ አካባቢ ስለሆነ ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት የሚነግረን ነገር የለም። እርስዎ ስድስተኛ ወርዎ ላይ ስለሆኑ ግን እስካሁን የጠጡት ቡና ሊያስጨንቅዎት አይገባም። አማትዎም ጎረቤትዎም የየራሳቸው እውነት አላቸው።

ከካፌይኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የደም ማነስ ነው፤ ይህን ማንም አልነገረዎትም። ቡና ውስጥ ያሉ ፖሊፌኖል የተባሉ ንጥረ ነገሮች ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ ይዘው እንዳይገባ ያደርጋሉ። ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ኩባያ ቡና የሚገባውን ብረት በሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ ሻይ ደግሞ ይብሳል። ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ቢጠጣም ጉዳቱ ያው ሆኖ ተገኝቷል፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ግን ጉዳት አልታየበትም። ስለዚህ የቀኑን ጀበና ከምሳ በኋላ ማፍላቱን ትታችሁ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ከቆሎ ጋር ጠጥታችሁ ምሳውን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ብሉ። እንዲህ ሲሆን የቀኑ ቡና ለእንቅልፍም ይርቃል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጥዎትን የአይረን ክኒን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ በውሃ ይውሰዱት፤ ከቡናም ከሻይም የራቀ ሰዓት ነው።

ወደ ቃሩ ስንመጣ ዋናው ምክንያት ቡናው ላይሆን ይችላል። የእርግዝና ሆርሞን ከጨጓራ በላይ ያለውን መዝጊያ ጡንቻ ያላላዋል፤ እያደገ ያለው ማህፀን ደግሞ ጨጓራውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ቡና በአንዳንድ ሰው ላይ ይህን መዝጊያ የበለጠ ያላላል፤ በሌላው ላይ ምንም አያደርግም፤ ጥናቶቹም በዚህ አይስማሙም። ለማወቅ ያለው መንገድ በራስ ላይ መሞከር ነው። ለሁለት ሳምንት ቡናውን ብቻ ይተዉ፤ በርበሬውንና የእራቱን ሰዓት አይቀይሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከቀየሩ የረዳዎት የትኛው እንደሆነ አያውቁም። ቃሩ ከቀነሰ ቡናውን መልሰው ይጀምሩና ይመለስ እንደሆነ ይዩ፤ ካልቀነሰ ቡናውን ያለ ጥፋቱ አይክሰሱት። ሙከራው ካለቀ በኋላ እራትዎን ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት ይብሉ፤ በግራ ጎንዎ ይተኙ፤ ከአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ እንጨት ወይም ጡብ አስገብተው ራስጌውን ከፍ ያድርጉት። ትራስ መደራረብ ወገብን ስለሚያጥፍ ሆድን ይጫናል፤ ቃሩንም ያብሰዋል። የቃር ክኒን ከታዘዘልዎት ከአይረኑ ጋር በአንድ ሰዓት አይውሰዱት፤ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ያድርጉ።

እርጉዝ ያልሆኑ እንቅልፍ የሚያስቸግራቸው አንባቢዎችም የቡናውን ሰዓት ይመልከቱ። ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያሳጥር በጥናት ታይቷል፤ ሰዎቹም የእንቅልፋቸው መቀነስ ብዙም አልታወቃቸውም። የወሊድ መከላከያ ክኒን የሚወስዱ ሴቶች ላይ ካፌይኑ ከሌላው እጥፍ ያህል ጊዜ ይቆያል። በጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀምሶ ቡና ለሚጠጣ ሰው ያ አቦል የመኝታ ሰዓት ቡና ነው ማለት ይቻላል፤ በቶና ቢጀምር ይሻለዋል።

ለቃሩ ሙከራም ቢሆን ቡናን በአንድ ጊዜ ከሚቆርጡት ቀስ ብለው ይቀንሱት። በድንገት ሲቋረጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት ይጀምራል፤ ለጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል። እርስዎ ባሉበት ወር ግን ራስ ምታትን ሁሉ በቡና ማሳበብ አደገኛ ነው። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ዓይንዎ ከደበዘዘ ወይም ብልጭታ ካየ፣ ፊትዎ ወይም እጅዎ በድንገት ካበጠ፣ ወይም ቃር የመሰለዎት ሕመም ከጎድን አጥንት በታች በቀኝ በኩል ጸንቶ ከያዘዎት የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊትዎን ይለኩ፤ ሽንትዎንም ያስመርምሩ።

ሲኒዎ ውስጥ ጤና አዳም የሚጨመር ከሆነ እስኪወልዱ ድረስ ያለ ጤና አዳም ይቅዱልዎ። ተክሉ ማህፀንን ሊያነቃቃ ስለሚችል በእርግዝና ወቅት ከቡናው ይልቅ እሱን መተው ይበልጥ ይገባል።