የወተት ፕሮቲን መልሴ ተሳስቷል ተባልኩ፣ ለፈተና ቦርድ ምን ብዬ ልጻፍ?

«ባሕር ዳር ነው የምማረው። በምግብ ኬሚስትሪ ፈተና የላም ወተት ናይትሮጅን 0.52 በመቶ ነው፣ ፕሮቲኑን አስሉ ተባልን። በ6.38 አባዝቼ 3.32 ብል ኤክስ ተደረገብኝ፤ መልሱ 3.25 ነው አሉ። ደብዳቤውን እንዴት ልጀምር?»

በማባዣው ጀምር። 3.25 የሚመጣው 0.52 በ6.25 ሲባዛ ነው። 6.25 ደግሞ የመጣው ፕሮቲን 16 በመቶ ናይትሮጅን አለው ከሚል ጥቅል ግምት ነው፣ 100 ለ16 ሲካፈል። የወተት ፕሮቲን ናይትሮጅኑ ወደ 15.7 በመቶ ስለሚወርድ ለወተት የሚሠራበት 6.38 ነው። ሁለታችሁም ስሌት አልሳታችሁም፤ ልዩነቱ ቁጥሩ ላይ ብቻ ነው፣ ይህንንም በግልጽ ጻፈው።

ከዚያ እንዲህ ቀጥል፦

1. የጥያቄውን ቁጥርና ቃሉን እንዳለ ገልብጥ፤ «የላም ወተት» የሚለው እንዳይቀር፣ ክርክርህ የቆመው እዚያ ላይ ነው።
2. 0.52 × 6.38 = 3.32 ብለህ ስሌቱን አሳይ፣ 6.38 ያለበትን የመማሪያ መጽሐፍ ገጽም ኮፒ አድርገህ አያይዝ።
3. «የዚህ ጥያቄ እርማት በድጋሚ እንዲታይልኝ» በል። በቃ። መምህሩ ይጠላኛል፣ ሌላውም ጥያቄ ከባድ ነበር የሚል ነገር አትጨምርበት፤ ቦርዱ ወደዚያ ከሄደ ወተቱ ይረሳል።

ግን መጀመሪያ የፈተና ወረቀቱን አገላብጠህ እይ፤ መመሪያው ላይ «6.25 ተጠቀሙ» የሚል ካለ ቅሬታህ አይቆምም።

አንድ ነገር ደግሞ ካየሁት ልንገርህ። ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ጥለው የሄዱ ልጆች «አልደረሰንም» ተብለው ቀርተዋል። በሁለት ኮፒ ይዘህ መዝገብ ቤት ግባ፣ አንዱ ላይ ቀንና ገቢ ቁጥር አስጽፈህ፣ ማኅተም አስመትተህ ይዘኸው ውጣ።